የካሽ ሬጅስተር ሮል ስንት ሜትር እንደሆነ ሳልዘረጋው እንዴት ልወቅ?

ሚኒማርኬት_መገናኛ — ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። መገናኛ አካባቢ ትንሽ ሚኒማርኬት አለኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ተቸግሬያለሁ። ድሮ አንድ ሮል ጠዋት ከገባ እስከ ማግስቱ ረፋድ ያደርሰኝ ነበር። አሁን ማታ ሱቅ ሳልዘጋ ይቀየራል። የደንበኛው ብዛት ያው ነው፣ የደረሰኙም ርዝመት አልተለወጠም።

ማሸጊያው ላይ 80×80 ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሁሌም 80 ሜትር ነው ብዬ ነው የምገዛው። ሻጩን ስጠይቀው «ያው የድሮው ነው» አለኝ። አንዱን ሮል በማስመሪያ ለካሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.6 ሳንቲሜትር ነው። የመሃሉ ቀዳዳ ደግሞ 1.7 ሳንቲሜትር። ዘርግቼ ብለካው መልሼ መጠቅለል አልችልም። በነዚህ ቁጥሮች ብቻ ርዝመቱን ማወቅ ይቻላል? ለማወዳደር ከድሮዎቹ አንድ ያልተከፈተ ሮል ቀርቶኛል።

ገርጂ_ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 3:05

ይቻላል ወንድሜ። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
L = π × (D² − d²) ÷ (4 × t)
```

D የውጭው ዲያሜትር፣ d የመሃሉ፣ t የወረቀቱ ውፍረት ነው። ሁሉንም በሚሊሜትር አስገባ። የደረሰኝ ወረቀት ውፍረቱ 0.06 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። D 76፣ d 17 ስናደርገው 71,800 ሚሊሜትር ይመጣል። ማለትም 72 ሜትር ገደማ። 80 አይሞላም፣ ግን ያን ያህልም አልተጎዳህም።

ቆራጩ — ሰኞ፣ ማታ 4:20

ቀመሩ ትክክል ነው። የገባው d ግን ትክክል አይደለም።

ስራዬ ይሄው ነው። ከውጭ የሚመጣውን ትልቅ የተርማል ሮል እየፈታን በስፋት እንቆርጥና በትናንሹ እንጠቀልላለን። ወረቀቱ ከቀዳዳው አይጀምርም። ከተጠቀለለበት የመሃል ካርቶን ጀርባ ነው የሚጀምረው። ካርቶኑ ራሱ ውፍረት አለው። ስለዚህ d ማለት የካርቶኑ የውጭ ዲያሜትር ነው። አንዳንዱ ካርቶን ቀጭን ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጣት ያህላል። ባለሱቁ፣ እሱን ለካና ንገረን።

ሁለተኛው ነገር 80×80 የሚለው ጽሑፍ ነው። እኛ ጋ የመጀመሪያው 80 የወረቀቱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው 80 የሮሉ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በሚሊሜትር። 57×40 የሚባለውም ትንሹ ሮል እንደዚያው ነው። ሜትር አይደለም። ግራ የሚያጋባው ጥሩ 80×80 ሮል ርዝመቱም 80 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ነው። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ቁጥሩ ሜትር ቃል አይገባም።

ደግሞ ዲያሜትሩን በማስመሪያ ስትለካ ተጠንቀቅ። አንድ ሚሊሜትር ብትስት ወደ ሁለት ሜትር ትስታለህ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለህ ዙሪያውን ጠምጥመህ ለካና ለ3.14 አካፍለው። ሮሉ ትንሽ ሞላላ ቢሆን እንኳ ብዙም አያሳስትህም።

ሚኒማርኬት_መገናኛ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:50

በልብስ ሰፊ ሜትር ጠመጠምኩት። 23.9 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ 76 ሚሊሜትር ትክክል ነው። አንዱን ያለቀ ሮል ካርቶን ደግሞ ለካሁት። ቀዳዳው 17 ነው፣ የውጩ ግን 25 ሚሊሜትር! የድሮው ካርቶን የውጩ 18 ብቻ ነበር፣ የድሮው ሮል ውጩም ሙሉ 80 ነው።

ውፍረቱን ለማወቅ አስር ቁራጭ ደረብኩና በማስመሪያ አየሁት። አንድ ሚሊሜትር የሚሞላ መሰለኝ። አንዱ 0.1 ማለት ነው። ሳሰላው 40 ሜትር ብቻ መጣ። ግማሹን ወስደውብኛል ማለት ነው? ዛሬውኑ ሄጄ ላናግረው ነው።

ቆራጩ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

እባክህ ገና አትሂድ። የውፍረቱ ልኬት ነው የሳተህ።

አስር ቁራጭ በማስመሪያ አይለካም። 0.6 ሚሊሜትርና 1 ሚሊሜትር በአይን አይለዩም። ውፍረት ደግሞ ቀመሩ ውስጥ በቀጥታ ያካፍላል፣ ሲጨምር ርዝመቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። እንዲህ አድርግ። ከሮሉ 50 ቁራጭ ቁረጥ። አታጥፈው፣ መታጠፊያው ላይ ይነፋና ያሳስትሃል። ደርድረህ በጣትህ አየሩን አስወጣ። ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ሄደህ ካሊፐር ተዋስ። ካሊፐሩ ወረቀቱን እስኪነካ ዝጋው፣ አትጨፍልቀው። ከዚያ ለ50 አካፍል። የድሮውንም በዚሁ መንገድ ለካው። ሁለቱን ካላወዳደርክ የምትናገረው ነገር የለህም።

መምህርት_ሒሳብ — ማክሰኞ፣ ቀን 7:30

ቀመሩ ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ፣ ከገባችሁ አትረሱትም።

ሮሉን በጎኑ አስቀምጡትና ከላይ እዩት። የምታዩት ቀለበት ነው። የቀለበቱ ስፋት ከትልቁ ክብ የካርቶኑ ክብ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። አሁን ወረቀቱ ተዘርግቶ ከጎን ሲታይ አስቡት። እጅግ ረጅምና እጅግ ቀጭን አራት ማዕዘን ነው። ርዝመቱ L፣ ቁመቱ t። ወረቀቱ ያው ስለሆነ ሁለቱ ስፋቶች እኩል ናቸው። ቀለበቱን ለውፍረቱ ስታካፍሉ ርዝመቱ ይወጣል። በቃ።

ቀመር የማይወድ ሰው ደግሞ በዙር ይቁጠረው። ካርቶኑ 25፣ ውጩ 76 ከሆነ በአንድ ወገን 25.5 ሚሊሜትር ወረቀት አለ። ለ0.06 ሲካፈል 425 ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር አጭር ነው፣ የመጨረሻው ረጅም። አማካዩ ዙር 15.9 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። 425 ጊዜ ስታበዙት 67 ሜትር ከግማሽ አካባቢ ይመጣል። ቀመሩም ያንኑ ይሰጣል።

ፌስታል_ቤት — ማክሰኞ፣ ማታ 1:10

ይሄን ክር ሳይ የራሴ ጉዳይ ትዝ አለኝ። እኔ ፌስታል ነው የምሰራው። የፕላስቲክ ሮል ገዛሁ፣ 30 ማይክሮን ነው የተባልኩት። ውጩ 40 ሳንቲሜትር፣ የካርቶኑ የውጭ 9 ሳንቲሜትር። በዚሁ ቀመር ሳሰላው 3,977 ሜትር ሆነ። አንድ ፌስታል 40 ሳንቲሜትር ይወስዳል። ወደ 9,900 ፌስታል መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን 4,700 ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ የሚሰራውን ልጅ ጠርጥሬው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊት ነስቼዋለሁ። አሁን ግን ስሌቴ ራሱ ይሳሳት ይሆን ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ።

ቆራጩ — ማክሰኞ፣ ማታ 2:00

ወንድሜ፣ ፕላስቲኩ ተከፍቶ የተጠቀለለ ነጠላ ነው ወይስ እንደ ቱቦ ሆኖ የተጠፈጠፈ? የፌስታል ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ተነፍቶ በቱቦ ነው የሚወጣው። ከዚያ ተጨፍልቆ ይጠቀለላል። 30 ማይክሮን የሚባለው የአንዱ ግድግዳ ውፍረት ነው። ሮሉ ላይ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ግድግዳ ነው የሚተኛው። ስለዚህ t 0.03 ሳይሆን 0.06 ነው።

ፌስታል_ቤት — ማክሰኞ፣ ማታ 2:25

ቱቦ ነው! ጠፍጣፋው ስፋት 50 ሳንቲሜትር። በ0.06 ሳሰላው 1,988 ሜትር መጣ። 4,700 ፌስታል ማለት 1,880 ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ሲስተካከል የተበላሸ ወደ 40 ሜትር ነበር። ልጁ ምንም አልወሰደም። ነገ ጠዋት ከስራ በፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ግን አሁንም 68 ሜትር ይጎድላል። እሱስ የት ሄደ?

መምህርት_ሒሳብ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:00

በክብደት ያመሳክሩት። ፌስታሉ የሚሰራበት ተራ ለስላሳ ፖሊኢትሊን አንድ ሜትር ኩብ 920 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእርስዎ ፕላስቲክ ስፋቱ 0.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.00006 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመት 27.6 ግራም ይሆናል። ሮሉ ሲገዛ ስንት ኪሎ ነበር?

ፌስታል_ቤት — ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ከነካርቶኑ 55። ካርቶኑ ብቻውን ወደ ሁለት ኪሎ ነው።

መምህርት_ሒሳብ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

53 ኪሎ ለ27.6 ግራም ሲካፈል 1,920 ሜትር ነው። 1,880 እና የተበላሸው 40 ሲደመሩም 1,920። ክብደቱ ከልጁ ጋር ቆሟል።

ቆራጩ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ጥሩ ማመሳከሪያ ነው። 68ቱ ሜትር አየር ሊሆን ይችላል። ፕላስቲክ በፍጥነት ሲጠቀለል በድርቦቹ መሃል አየር ይዞ ይገባል። ሮሉ ይወፍራል፣ ቀመሩ ግን ያን አየር ፕላስቲክ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ክብደት አየርን አይቆጥርም። ለዚህ ነው ልል ሮል ሲሆን ከቀመሩ ያነሰ የሚገኘው። ሮሉን በአውራ ጣትህ ተጫነው። እንደ ስፖንጅ ከገባልህ አየር አለው። እንደ እንጨት ደረቅ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፈልግ። የፕላስቲኩ ውፍረትም ከዳር እስከ ዳር ላይስተካከል ይችላል። የሚወፍርበት ቦታ ዙር በዙር ላይ ሲደራረብ ሮሉ ላይ ቀለበት የሚመስል እብጠት ይሰራል። ዲያሜትሩን እብጠቱ ላይ ከለካህ ትልቅ ቁጥር ታገኛለህ።

ሚኒማርኬት_መገናኛ — ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ካሊፐር ተዋስኩ። 50 ቁራጭ የአዲሱ 3.2 ሚሊሜትር፣ 50 ቁራጭ የድሮው ደግሞ ልክ 3.0። ስለዚህ አዲሱ 0.064፣ የድሮው 0.060 ነው።

የድሮው፦ 80፣ 18፣ 0.060። 79.5 ሜትር።
አዲሱ፦ 76፣ 25፣ 0.064። 63.2 ሜትር።

በአንድ ሮል 16 ሜትር ልዩነት! ለዚህ ነው ማታ የሚያልቅብኝ።

ገርጂ_ልጅ — ረቡዕ፣ ማታ 1:55

ስለ ቀዳዳው ተሳስቼ ነበር፣ ቆራጩ ልክ ነው። አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ካርቶኑን አወፍረው ወረቀቱን ቀነሱት። ሁሉም ችግር ካርቶኑ ጋ ነው።

መምህርት_ሒሳብ — ረቡዕ፣ ማታ 2:20

ካርቶኑ ጋ ነው የሚባለው ልክ አይመስለኝም። አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ከውጭ የተቀነሰው። ከ80 ወደ 76 ማለት በአንድ ወገን 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚያ 2 ሚሊሜትር ውስጥ ግን ወደ 33 ዙር አለ። እያንዳንዱ ዙር 24 ሳንቲሜትር ተኩል ነው። 8 ሜትር ሄደ።

ካርቶኑ ከ18 ወደ 25 ሲያድግ በአንድ ወገን 3.5 ሚሊሜትር በላ። ይሄ ከውጩ ይበልጣል፣ 58 ዙር ነው። ነገር ግን መሃል ላይ ያለ ዙር አጭር ነው፣ 7 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። የጎደለው 4 ሜትር ብቻ ነው።

ውፍረቱ ከ0.060 ወደ 0.064 መሄዱ ሌላ 4 ሜትር ወሰደ። 8፣ 4 እና 4። አይናችን የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነው። ግማሹን የወሰደው ግን ማንም ያላስተዋለው የውጭው ሁለት ሚሊሜትር ነው።

ካሸሯ — ረቡዕ፣ ማታ 3:00

እኔ ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ። ሁሌ የሚገርመኝን ልጠይቅ። ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ግማሽ ይቀረዋል። ይደርሰኛል ብዬ ሰልፍ አስተናግዳለሁ። ከዚያ መሃል ላይ ቀዩ መስመር ይመጣና ያልቃል። በአይኔ ያየሁት ግማሽ የት ነው የሚጠፋው?

መምህርት_ሒሳብ — ረቡዕ፣ ማታ 3:20

እህቴ፣ አይንሽ የሚያየው የወረቀቱን ድርብ ውፍረት ነው እንጂ ርዝመቱን አይደለም። የባለሱቁን ሮል እንውሰድ። ከካርቶኑ እስከ ውጩ ያለው 25.5 ሚሊሜትር በግማሽ ሲቀንስ ዲያሜትሩ 50.5 ይሆናል። ያኔ የቀረው ወረቀት 37 ከመቶ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ ዙሮች ቀድመው አልቀዋልና።

እውነተኛው ግማሽ የሚሆነው ዲያሜትሩ 56.6 ሲደርስ ነው። ያ ደግሞ ከላይ አንድ ሳንቲሜትር እንኳ ሳይሞላ የሄደ ጊዜ ነው። ካርቶኑ ወፍራም ከሆነ ልዩነቱ ይጠብባል፣ ቀጭን ከሆነ ይሰፋል።

ካሸሯ — ረቡዕ፣ ማታ 3:35

አሁን ገባኝ። ነገ ክዳኑ ውስጥ 56 ሚሊሜትር የሚደርስበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱ ላይ ሲደርስ አዲስ ሮል አጠገቤ አስቀምጣለሁ።

ቆራጩ — ረቡዕ፣ ማታ 3:50

እህቴ፣ 56 የባለሱቁ ሮል ነው። የእናንተን ካርቶን ለኪ መጀመሪያ። ካርቶኑ 18፣ ውጩ 80 ከሆነ ግማሹ የሚሆነው 58 ላይ ነው።

ገርጂ_ልጅ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3:10

ካሊፐር ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ ላምጣ። ከሮሉ 5 ሜትር ቆርጠህ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ መዝነው። ከዚያ የቀረውን ሮል መዝን። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለህ በ5 አባዛው። ውፍረት ማወቅ አያስፈልግም።

ሚኒማርኬት_መገናኛ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3:40

ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን የካርቶኑ ክብደት አይቀነስም? የኔ ካርቶን ወፍራም ነው። ካልቀነስኩት እሱንም ወረቀት ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ገርጂ_ልጅ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3:45

ልክ ነህ፣ አንድ ባዶ ካርቶን ለብቻው መዝነህ ቀንስ። በመጨረሻ የቆረጥከውን 5 ሜትርም መልሰህ ደምር።

ሚኒማርኬት_መገናኛ — ዓርብ፣ ማታ 2:50

ዛሬ አላስቻለኝም፣ አንዱን ሮል ሰዋሁት። ማታ ሱቁን ዘግቼ ወለሉ ላይ በኖራ 5 ሜትር ምልክት አደረግኩ። ልጄ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ እየፈታሁ ወደ ሌላው ምልክት ሄድኩ። 12 ጊዜ ሙሉ ሄደና 2 ሜትር ከ60 ቀረ። 62.6 ሜትር! ቀመሩ 63.2 ነበር ያለው። ስልሳ ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሳተው። ከካርቶኑ ላይ የመጨረሻው ዙር ተሸብሽቦ ነበር፣ ምናልባት እሱም ትንሽ ቦታ ይዟል።

ሻጩ ጋም ሄጄ ነበር። በሰላም ነው ያናገርኩት። የካሊፐሩን ልኬት፣ የሁለቱን ካርቶን አሳየሁት። «80×80 ሚሊሜትር ነው፣ ሜትር አላልኩህም» አለኝ። 76 ነው እኮ ስለው ግን ዝም አለ። ቀጥሎ የምገዛውን ሮል በሜትር እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት። አስመጪውን ጠይቄ እነግርሃለሁ ብሏል።

ቆራጩ — ዓርብ፣ ማታ 3:30

62.6 በጣም ጥሩ ነው። አንድ ከመቶ ገደማ ነው ልዩነቱ። በእጅ ከተለካ ውፍረት ከዚህ በላይ አትጠብቅ። ደረቅ የተጠቀለለ ወረቀት ላይ ቀመሩ ይታመናል። ልል ሮል ላይ ነው የሚያታልለው።

ስለ ሻጩ፣ ሜትር እንዲጽፍልህ መጠየቅህ ትክክል ነው። የኛ ማሽን በሁለት መንገድ ይቆማል። ወይ ቆጣሪው ያለውን ሜትር ሲሞላ፣ ወይ ሮሉ የተባለው ዲያሜትር ሲደርስ። በዲያሜትር የተቆረጠ ሮል ወረቀቱ በወፈረ ቁጥር ያጥራል። አንተ የምትፈልገው በሜትር የተቆረጠውን ነው።

ካሸሯ — ዓርብ፣ ማታ 3:50

እኛ ጋ ማሸጊያው ላይ 80×80 ሜትር ብሎ የጻፈ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁሉም ሚሊሜትር ማለቱ አይደለም።

ቆራጩ — ዓርብ፣ ማታ 4:00

እሱም አለ፣ አልክድም። አንድ ወጥ አይደለም። ቁጥሩ አጠገብ ምን እንደተጻፈ ማየት ነው፣ ካልተጻፈ መጠየቅ።

ፌስታል_ቤት — ቅዳሜ፣ ቀን 6:20

ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ዛሬ አዲሱን ሮል በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መሃሉ ደረቅ ነው፣ ከግራው ዳር ግን ገባልኝ። በቀኝ በኩል ደግሞ ቆራጩ ያልከው ቀለበት የመሰለ እብጠት አለ። ከሦስት ቦታ ቁራጭ ወስጄ ሰኞ በማይክሮሜትር አስለካዋለሁ። ውጤቱን ይዤ እመጣለሁ።